ዘግይቶና ተሰብሮ ለመጣ ዕቃ፦ ለአቅራቢው የቅሬታ ደብዳቤ እንዴት ይጻፋል?

ብዙ የቅሬታ ደብዳቤዎች የሚያልቁት በአንድ ዓይነት ዐረፍተ ነገር ነው፦ «አስፈላጊው ትብብር በአስቸኳይ እንዲደረግልን በአክብሮት እንጠይቃለን»። ጨዋ ነው፤ ክፋት የለውም። ግን አቅራቢው ምን እንዲያደርግ ነው የተጠየቀው? እስከ መቼ? ባያደርግስ? ደብዳቤውን የተቀበለው ሰው መልሱን ከወረቀቱ ላይ ካላገኘው ወደ ፋይል ይከተዋል። ለዚህ ነው ብዙ ነጋዴ «ጽፌላቸው ነበር፣ ምንም አላሉኝም» የሚለው።

እዚህ የምናየው ደብዳቤ አንድ ሥራ ብቻ አለው። ጉዳዩን ጨርሶ የማያውቅ ሦስተኛ ሰው፣ ለምሳሌ የአቅራቢው አዲስ ሥራ አስኪያጅ፣ ጠበቃ ወይም ዳኛ፣ ቢያነበው ማንንም ሳይጠይቅ ነገሩን መረዳት አለበት። ምን ታዘዘ፣ ምን መጣ፣ ምን ጎደለ፣ ምን ተጠየቀ፣ እስከ የትኛው ቀን። ይህን ይዞ የአንድ ገጽ ተኩል ደብዳቤ በቂ ነው።

ነገሩ እንዲጨበጥ አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። ሐዋሳ ላይ የእንግዳ ማረፊያ የምትሠራ አንዲት ባለቤት አዲስ አበባ ካለ አቅራቢ የወለል ሴራሚክ አዘዘች እንበል። 60 በ60 ሴንቲ ሜትር ነው፤ በካርቶን 4 ፍሬ፣ ማለትም 1.44 ካሬ ሜትር ይይዛል። ያዘዘችው 125 ካርቶን፣ 180 ካሬ ሜትር ነው። ዋጋው ለማሳያ ያህል በካሬ 1,400 ብር ይሁን። 252,000 ብር ይመጣል፤ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ሲደመር 289,800 ብር። 60 በመቶውን፣ 173,880 ብር ቀድማ ከፍላለች። ቀሪው 115,920 ብር ዕቃው ተሟልቶ ሲገባ እንደሚከፈል ፕሮፎርማው ላይ ተጽፏል። ማጓጓዣው በአቅራቢው ነው። የማስረከቢያው ቀን ኅዳር 10 ቀን 2018 ዓ.ም. ነበር። ዕቃው የገባው ኅዳር 22 ነው። ከገባውም 44 ፍሬ ተሰብሯል ወይም ጠርዙ ተሸርፏል።

ደብዳቤው ከመጻፉ በፊት፦ ቀኑ ያለፈ ዕለት

ጥሩ የቅሬታ ደብዳቤ የሚጀምረው ዕቃው ከመምጣቱ በፊት ነው። የማስረከቢያው ቀን እንዳለፈ፣ በማግሥቱ አጭር መልእክት ላኩ። በቴሌግራምም ሆነ በኢሜይል፣ ብቻ በጽሑፍ ይሁን። የእኛ ባለቤት ኅዳር 11 ጠዋት እንዲህ ጻፈች፦

«በፕሮፎርማው መሠረት 125 ካርቶን ሴራሚክ ትናንት ኅዳር 10 መድረስ ነበረበት። አልደረሰም። ባለሙያዎቼ ዛሬ ሥራ ለመጀመር ተዘጋጅተው እየጠበቁ ነው። መቼ እንደሚደርስ ቀኑን ዛሬ አሳውቁኝ።»

መልሱ፦ «መኪና አጥተን ነው፣ እስከ ቅዳሜ ይደርስሻል» የሚል ነበር። ይህች አጭር መልስ በኋላ ትልቅ ዋጋ አላት። አንደኛ፣ አቅራቢው መዘግየቱን አምኗል። ሁለተኛ፣ ባለቤቷ ሠራተኞቿን እስከ ቅዳሜ ያቆየችው በእሱ ቃል ተማምና መሆኑ ታወቀ። ቅዳሜ ኅዳር 13 ዕቃው ሳይመጣ ሲቀር ሠራተኞቹን ወደ ሌላ ሥራ ለቀቀቻቸው። ያለ ሥራ የከፈለችው የሦስት ቀን ነው፤ የ12 ቀን አይደለም። ሕጉም ተጎጂው ጉዳቱን ለመቀነስ የሚችለውን እንዲያደርግ ይጠብቃል። ሠራተኛ አስቀምጦ እየከፈሉ ሒሳቡን ሁሉ ለአቅራቢው ማስተላለፍ አይሠራም።

መልእክቱ ሌላም ጥቅም አለው። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት፣ አንዱ ወገን ውሉን አልፈጸመም ብሎ ለመጠየቅ በመርሕ ደረጃ አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ መስጠት ያስፈልጋል። ይህ በቁጥር 1772 ላይ ነው ያለው። ቀጥሎ ያለው ቁጥር ማስጠንቀቂያው በጽሑፍ ሊሆን እንደሚችል ይናገራል። ቁጥር 1774 ደግሞ ጠያቂው ተገቢ የሆነ የጊዜ ገደብ መወሰን እንደሚችል፣ ገደቡ ካለፈም አልቀበልም ማለት እንደሚችል ይገልጻል። ስለዚህ ደብዳቤያችሁ ላይ የምታስቀምጡት ቀን የጨዋነት ጥያቄ ብቻ አይደለም። ሕጋዊ ክብደት አለው።

እዚህ ላይ ብዙ ነጋዴ የሚሳሳትበትን ልንገራችሁ። «ሸማች ጥበቃ እሄዳለሁ» የሚለው ማስፈራሪያ ለንግድ ግዢ አይሠራም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች የሚለው ለራሱ ወይም ለቤተሰቡ ፍጆታ የሚገዛን ሰው ነው። ለእንግዳ ማረፊያ ወለል ሴራሚክ የገዛ ሰው መሠረቱ ውሉና የፍትሐ ብሔር ሕጉ ነው። ደብዳቤ ላይ የማይመለከታችሁን አዋጅ መጥቀስ አቅራቢውን አያስደነግጠውም። የሕግ ሰው ካለውም ድክመታችሁን ወዲያው ያያል።

ዕቃው የገባ ዕለት

ሙሉ ጉዳዩ የሚበላሸውም የሚድነውም እዚህ ነው። አይሱዙው በር ላይ ቆሟል። ሾፌሩ ይቸኩላል። ጫኝና አውራጆቹ ዋጋ ተነጋግረው ካርቶን መሳብ ጀምረዋል። የማስረከቢያ ሰነዱ ላይ ደግሞ «ዕቃውን በመልካም ሁኔታ ተረክቤያለሁ» የሚል ዓረፍተ ነገር አስቀድሞ ታትሟል። ይህን ዝም ብላችሁ ከፈረማችሁ፣ በኋላ የምትጽፉት ደብዳቤ ከራሳችሁ ፊርማ ጋር ይከራከራል።

መጀመሪያ፣ ካርቶኖቹ መኪናው ላይ እንዳሉ ፎቶ አንሡ። ይህ የግድ ነው። ምክንያቱም አቅራቢው የሚያነሣው የመጀመሪያ መከራከሪያ «ሲወርድ ነው የተሰበረው፣ የእናንተ አውራጆች ናቸው» የሚል ነው። የተጨፈለቀ፣ የተቀደደ ወይም የረጠበ ካርቶን መኪናው ላይ እያለ ከተነሣ ይህ ክርክር ይወድቃል። የመኪናው ታርጋ የሚታይበት አንድ ፎቶም ጨምሩ።

ከዚያ ቁጠሩ። ውጪው የተጎዳውን ለብቻው አስቀምጡ። ከዚያ ከመፈረማችሁ በፊት በሰነዱ ላይ በእጅ ጻፉ። የእኛ ባለቤት የጻፈችው ይህን ነው፦ «125 ካርቶን ተቆጥሮ ገብቷል። 9 ካርቶን ውጪው የተጎዳ ነው። የቀረው ሳይከፈት በቁጥር ብቻ የተረከብኩት ነው። ኅዳር 22 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ከቀኑ 8:30 ሰዓት።» ሾፌሩንም አስፈረመች። ሾፌሩ አልፈርምም ካለ፣ «ሾፌሩ ለመፈረም ፈቃደኛ አልሆነም» ብላችሁ ጽፋችሁ በቦታው የነበረ ሰው በምስክርነት ይፈርም። ሾፌሩን መጣላት አያስፈልግም። እሱ የተላከ ሰው ነው።

«ሳይከፈት በቁጥር ብቻ» የሚለውን አትርሱት። ሴራሚክ ካርቶኑ ደህና ሆኖ ውስጡ ሊሰነጠቅ ይችላል። ስለዚህ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ሁሉንም ክፈቱ። ስንጥቁ ለዓይን ካልታየ በጣት አንጓ አንኳኩት፤ ደህናው ጥርት ያለ ድምፅ ያሰማል፣ የተሰነጠቀው ድምፁ ይታፈናል። በምሳሌያችን ሲከፈት ሌሎች 7 ካርቶኖች ውስጥም ጉዳት ተገኘ። ድምሩ 16 ካርቶን፣ 44 ፍሬ ሆነ። ሕጉም ገዢው ዕቃውን ዕድል እንዳገኘ እንዲመረምር፣ ጉድለት ሲያገኝም ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያሳውቅ ይጠይቃል። ሁለት ሳምንት ቆይቶ «ተሰብሮ ነበር» ማለት ይከብዳል።

አንድም ፍሬ ደግሞ አትለጥፉ። ብዙ አምራቾች ካርቶኑ ላይ ከተነጠፈ በኋላ ቅሬታ አንቀበልም ብለው ይጽፋሉ። ጉዳት ያለባቸውን ካርቶኖች ከነስብርባሪያቸው ለብቻ አስቀምጡ፤ አቅራቢው ሰው ልኮ ማየት መብቱ ነው።

ሌላም የምትመዘግቡት ነገር አለ፦ የካርቶኑ ጎን ላይ የታተመውን የባች ቁጥር፣ ማለትም በአንድ ዙር የተመረተውን ከሌላው የሚለየውን ቁጥር። ያው ሞዴል፣ ያው ስም ሆኖ ባቹ ሲለያይ ቀለሙ ትንሽ ይለያል። መጠኑም በጥቂት ሊለያይ ይችላል። ኮሪደር መሐል ላይ ሲነጠፍ ግን ይታያል። ምትክ ስትጠይቁ ባቹን ካልጠቀሳችሁ ከሌላ ባች የሆነ ዕቃ ሊመጣላችሁ ይችላል። አቅራቢውም «ተክቻለሁ» ይላል።

የቀረ አንድ ጥያቄ አለ፤ መኪናውን የተከራየው ማን ነው? ውሉ «በአቅራቢው ማጓጓዣ ሐዋሳ ድረስ» የሚል ከሆነ፣ እስኪረከቡ ድረስ በመንገድ የሚደርሰው ጉዳት በመሠረቱ የአቅራቢው ነው። ዕቃውን አዲስ አበባ መጋዘን ላይ ተረክባችሁ በራሳችሁ መኪና ካስጫናችሁ ግን፣ የመንገዱ ስብራት የምትጠይቁት ከአጓጓዡ እንጂ ከሻጩ አይደለም። ደብዳቤ ከመጻፋችሁ በፊት ይህን አጣሩ። አለበለዚያ ለማይመለከተው ሰው ነው የምትጽፉት።

ሒሳቡን ለብቻው ሥሩ

ደብዳቤው ላይ የሚገቡት ቁጥሮች ሁለት ናቸው። የጉዳቱ ሒሳብ ቀላል ነው። 44 ፍሬ ለ4 ሲካፈል 11 ካርቶን፣ 15.84 ካሬ ሜትር ነው። በ1,400 ብር ሲባዛ 22,176 ብር፤ ከታክሱ ጋር 25,502.40 ብር። ጉዳቱ የተበታተነው በ16 ካርቶን ውስጥ ቢሆንም የ16 ካርቶን ዋጋ አትጠይቁ። ደህና ፍሬዎቹን ትጠቀሙባቸዋላችሁ። ትክክለኛ ቁጥር መጻፍ ሌላውንም ቁጥራችሁን ያስከብራል።

የመዘግየቱ ሒሳብ ይከብዳል። ውላችሁ ላይ የመዘግየት ቅጣት ካለ ቀኑን ቆጥራችሁ ያንኑ ትጠይቃላችሁ፤ ኪሳራችሁን ማስረዳት አይጠበቅባችሁም። ከሌለ ግን በማስረጃ የተደገፈ ወጪ ብቻ ጻፉ። በምሳሌያችን 2 ባለሙያ በቀን 1,500 ብር፣ 2 ረዳት በቀን 700 ብር ይከፈላቸዋል። የቀን ድምሩ 4,400 ብር ነው። ለሦስት ቀን 13,200 ብር፤ የተፈረመበት የክፍያ ወረቀት አለ። «ማረፊያው በጊዜው ተከፍቶ ቢሆን ይህን ያህል እንግዳ ይመጣ ነበር» የሚለውን ሒሳብ ግን እንድትተዉት እመክራለሁ። የተረጋገጠ የክፍል ማስያዣ ከሌላችሁ ግምት ነው። ግምት ከማስረጃ አጠገብ ሲቀመጥ ማስረጃውንም ያደበዝዘዋል።

ቀሪ ክፍያ በእጃችሁ ካለ ትልቅ አቅም ነው፤ በጥንቃቄ ተጠቀሙበት። ሙሉውን 115,920 ብር መያዝ ያምራል። ግን አቅራቢው «ከ90 በመቶ በላይ ደህና ዕቃ አስረክቤ ብሬን ከለከሉኝ» ብሎ እሱ ከሳሽ እንዲሆን መንገድ ይከፍታል። የተሻለው፣ የጥያቄያችሁን ያህል፣ ማለትም 38,702.40 ብር መያዝና ቀሪውን 77,217.60 ብር መክፈል ነው። ይህንንም በደብዳቤው ላይ በግልጽ መጻፍ። ይህን የምታደርጉት ውላችሁ ቀሪው ክፍያ ዕቃው ተሟልቶ ሲገባ ይከፈላል የሚል ከሆነ ነው። ውሉ ሌላ ካለ አስቀድማችሁ የሕግ ባለሙያ ጠይቁ።

ቀነ ገደቡን መምረጥ

«በአስቸኳይ» ቀን አይደለም። «በ7 ቀን ውስጥ» ደግሞ ከመቼ ጀምሮ የሚል ክርክር ያመጣል፤ ከተጻፈበት? ከደረሳቸው? የሥራ ቀን ነው ወይስ ሁሉም? ቀኑን በስሙ ጻፉት፦ «እስከ ሰኞ ታኅሣሥ 6 ቀን 2018 ዓ.ም. ከቀኑ 10 ሰዓት»።

ሁለት ቀን ስጡ። የመጀመሪያው ለመልስ ነው፤ ቅርብ ይሁን። ሁለተኛው ለመፍትሔው ነው፤ ሊሠራ የሚችል ይሁን። ዕቃው አዲስ አበባ መጋዘን ውስጥ ካለ አሥር ቀን አካባቢ አያንስም። ከውጭ የሚመጣ ከሆነ ግን አሥር ቀን ማንም አያደርሰውም። ሕጉ ተገቢ የሆነ ጊዜ ነው የሚለው። ነገ አምጡ ብሎ መጻፍ ቁጣን ይገልጽ ይሆናል፤ ገደቡን ግን ያዳክመዋል።

ደብዳቤው

ይኸው ሙሉ ናሙናው። ባዶ ቦታዎቹን በራሳችሁ ሙሉ።

> ቁጥር፦ ____/2018
> ቀን፦ ኅዳር 24 ቀን 2018 ዓ.ም.
>
> ለ፦ ____________ (የአቅራቢው ድርጅት ሙሉ ስም በንግድ ፈቃዱ ላይ እንዳለው)
> አዲስ አበባ
>
> ጉዳዩ፦ ዘግይቶና በከፊል ተሰብሮ ስለገባ የወለል ሴራሚክ፣ ምትክ እስከ ታኅሣሥ 6 ቀን 2018 ዓ.ም. እንዲቀርብ ስለመጠየቅ
>
> ጥቅምት 20 ቀን 2018 ዓ.ም. በተሰጠን ፕሮፎርማ ቁጥር ____ መሠረት 60 በ60 ሴ.ሜ. የሆነ፣ ሞዴሉ ____፣ 125 ካርቶን የወለል ሴራሚክ ከድርጅታችሁ ገዝተናል። ጠቅላላ ዋጋው ታክስን ጨምሮ 289,800 ብር ነው። ከዚህ ውስጥ 173,880 ብር በባንክ ከፍለናል። ዕቃው በድርጅታችሁ ማጓጓዣ ኅዳር 10 ቀን 2018 ዓ.ም. ሐዋሳ እንዲደርስ ተስማምተናል።
>
> ዕቃው የደረሰው ኅዳር 22 ቀን፣ ከተስማማንበት 12 ቀን ዘግይቶ ነው። መዘግየቱን ኅዳር 11 በጽሑፍ አሳውቀናችሁ እስከ ቅዳሜ ኅዳር 13 እንደሚደርስ ገልጻችሁልን ነበር። በዚህ መሠረት ከኅዳር 11 እስከ 13 ላቆየናቸው 4 ሠራተኞች 13,200 ብር ከፍለናል።
>
> በርክክቡ ዕለት 9 ካርቶን ውጪው ተጎድቶ መገኘቱ በማስረከቢያ ሰነድ ቁጥር ____ ላይ ተመዝግቦ ሾፌራችሁ ፈርሟል። ኅዳር 23 ሁሉም ካርቶን ሲከፈት በጠቅላላው በ16 ካርቶን ውስጥ 44 ፍሬ ተሰብሮ ወይም ጠርዙ ተሸርፎ ተገኝቷል። ይህም 11 ካርቶን፣ 15.84 ካሬ ሜትር ነው። ዋጋው ታክስን ጨምሮ 25,502.40 ብር ነው። የተጎዳው ዕቃ ሳይነካ ለብቻው ተቀምጧል፤ በሥራ ሰዓት መጥታችሁ ማየት ትችላላችሁ።
>
> ስለዚህ የሚከተለው እንዲፈጸም እንጠይቃለን።
>
> 1. ባች ቁጥሩ ____ የሆነ፣ ከገባው ጋር ተመሳሳይ 11 ካርቶን ሴራሚክ በእናንተ ወጪ እስከ ሰኞ ታኅሣሥ 6 ቀን 2018 ዓ.ም. ከቀኑ 10 ሰዓት ሐዋሳ ድረስ እንዲቀርብልን፤
> 2. ለሠራተኞች የከፈልነው 13,200 ብር ከቀሪው ክፍያ ላይ እንዲቀነስልን፤
> 3. ይህን መቀበላችሁንና ምትኩ የሚጫንበትን ቀን እስከ ሰኞ ኅዳር 29 ቀን 2018 ዓ.ም. በጽሑፍ እንድታሳውቁን።
>
> ከቀሪው 115,920 ብር ውስጥ ክርክር የሌለበትን 77,217.60 ብር በዚህ ሳምንት እንከፍላለን። 38,702.40 ብር ግን ጉዳዩ እስኪፈታ ይዘን እንቆያለን። ምትኩ ተሟልቶ እንደገባ 25,502.40 ብሩን እንለቃለን።
>
> ምትኩ እስከ ታኅሣሥ 6 ካልቀረበ ከዚያ በኋላ አንቀበልም። የ11 ካርቶኑን ዋጋ ከቀሪው ክፍያ ላይ ቀንሰን ከሌላ አቅራቢ የምንገዛ ሲሆን፣ የዋጋ ልዩነት ካለም በሕግ የምንጠይቅ መሆኑን እንገልጻለን። ይህ ደብዳቤ በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1772 እና ተከታዮቹ መሠረት የተሰጠ ማስጠንቀቂያ ነው።
>
> ከሰላምታ ጋር
> (ስም፣ ኃላፊነት፣ ፊርማ፣ ማኅተም)
>
> አባሪ፦ ፕሮፎርማ፣ የባንክ ስሊፕ፣ የማስረከቢያ ሰነድ፣ የኅዳር 11 መልእክት፣ የጉዳቱ ዝርዝርና ፎቶዎች፣ የሠራተኞች ክፍያ ወረቀት

ደብዳቤው ውስጥ «አሳፋሪ»፣ «ኃላፊነት የጎደለው»፣ «ተጭበርብረናል» የሚል ቃል እንደሌለ አስተውሉ። ሆን ተብሎ ነው። ማጭበርበር ትልቅ ክስ ነው፤ ካልተረጋገጠ ወደ እናንተ ይዞራል። ከዚያም በላይ፣ ደብዳቤውን የሚያነበው ጸሐፊ ወይም የሽያጭ ሠራተኛ ወደ አለቃው ይዞት መግባት መቻል አለበት። ስድብ ያለበትን ወረቀት አለቃ ፊት ማቅረብ ይከብዳል። ቁጥርና ቀን ያለበትን ግን ያቀርበዋል።

የ«ጉዳዩ» መስመርም ይታይ። «ቅሬታን ይመለከታል» ብቻ ቢባል ከመቶ ወረቀት አንዱ ይሆናል። ቀነ ገደቡ ርዕሱ ላይ ሲገባ ግን መዝገብ ቤት ያለው ሰው ሳይቀር መቼ ምን እንደሚፈለግ ያውቃል።

«ካልቀረበ» ብላችሁ የምትጽፉትንም በእርግጥ የምታደርጉት ይሁን። ከሌላ ለመግዛት ሐሳብ ከሌላችሁ ከሌላ እንገዛለን አትበሉ። ያው ባች ሌላ ቦታ እንደሌለ ካወቃችሁ፣ በተለየ ባች የሚሸፈን ክፍል አስቀድማችሁ ምረጡ። መታጠቢያ ቤት ወይም መጋዘን ለዚህ ይመቻል።

ማድረስ

በሁለት ቅጂ አትሙ። አንዱን ለአቅራቢው ስጡ፤ ሌላው ላይ የተቀባዩን ስም፣ ፊርማ፣ ቀንና የሚቻል ከሆነ ማኅተም አስደርጉ። ይህ የእናንተ ቅጂ ከደብዳቤው ይዘት ያልተናነሰ ዋጋ አለው። ያልደረሰ ደብዳቤ ማስጠንቀቂያ አይሆንም።

«አለቃው የለም፣ አልፈርምም» ካሏችሁ አትጨቃጨቁ። በፖስታ ቤት በሪኮማንዴ ላኩት። የተላከበትን ደረሰኝ አስቀምጡ። ሐዋሳ ሆናችሁ አዲስ አበባ መሄድ ካልቻላችሁም መንገዱ ይኸው ነው። በዚያው ቀን የተፈረመበትን ደብዳቤ ፎቶ በኢሜይልና ስትነጋገሩበት በነበረው ቴሌግራም ላኩ። ያው ሰው፣ ያው መሥመር ላይ ሲሆን «አላየነውም» ማለት ያስቸግራል።

መልሱ ሲመጣ

ብዙ ጊዜ መልሱ በስልክ ነው። «ችግር የለም፣ እናስተካክላለን፣ ደብዳቤ ምን ያስፈልጋል» ይባላል። ጥሩ ነው፤ ተነጋገሩ። ስልኩን እንደዘጋችሁ ግን የተባባላችሁትን በሁለት መስመር ጽፋችሁ ላኩ፦ «ዛሬ በስልክ እንደተነጋገርነው 11 ካርቶኑ ሐሙስ ታኅሣሥ 2 ይጫናል። ካልሆነ ዛሬውኑ አርሙኝ።» እንዲህ ካልጻፋችሁ በስልኩ ጨዋታ ቀነ ገደባችሁ ቀስ ብሎ ይጠፋል።

አቅራቢው ምትክ ከማምጣት ይልቅ ዋጋ ልቀንስ ሊል ይችላል። መጀመሪያ ወለላችሁን ለኩ። ከ180 ካሬ 15.84 ሲቀነስ 164.16 ይቀራል። ለቁርጥና ለመጠባበቂያ የተያዘው ትርፍ ይህን ከቻለ ገንዘቡ ይሻላል። ካልቻለ ቅናሹ ምንም ያህል ቢያምር ወለሉ ጎዶሎ ይቀራል። ቅናሹን ከተቀበላችሁ በክሬዲት ኖት ይሁን፤ ደረሰኙ በሙሉ ዋጋ የተቆረጠ ስለሆነ የታክስ ሒሳባችሁ እንዳይዛባ።

ጊዜ ጨምሩልን ካሉ አንድ ጊዜ መጨመር አይከፋም። ግን በጽሑፍ፣ በአዲስ ቀንና «የኅዳር 24ቱ ደብዳቤ ሌላው ይዘቱ እንደተጠበቀ ነው» በሚል መስመር ይሁን።

ታኅሣሥ 6 ካለፈና ምንም ካልመጣ፣ በማግሥቱ ሁለተኛ ደብዳቤ ይጻፋል። ይህኛው አጭር ነው። የመጀመሪያውን ቁጥርና ቀን ይጠቅሳል፣ ገደቡ ማለፉን ይገልጻል፣ ከአሁን ወዲያ ምትክ እንደማትቀበሉና ዋጋው መቀነሱን ያሳውቃል። አዲስ ልመና አይገባበትም። ከዚህ በኋላ የምትጠይቁት ገንዘብ በእጃችሁ ከያዛችሁት በላይ ከሆነ ፋይሉን ለጠበቃ ስጡ። ውላችሁ የግልግል ዳኝነት የሚል አንቀጽ ካለው መጀመሪያ መንገዱ እሱ ነው። ብዙ አትቆዩ፤ በሽያጭ ሕጉ መሠረት ጉድለት ያሳወቀ ገዢ ክሱን ማቅረብ ያለበት ካሳወቀበት ጀምሮ በ1 ዓመት ውስጥ ነው።

ምትኩ በቀኑ ከመጣም እንደመጀመሪያው ተረከቡት። መኪናው ላይ ፎቶ፣ ቆጠራ፣ የባች ቁጥር፣ ከዚያ ፊርማ። በዚህ ጊዜ 11 ካርቶን ብቻ ስለሆነ ሾፌሩ ቆሞ እያለ ሁሉንም ክፈቱ። ደህና ከሆነ 25,502.40 ብሩን በዚያው ቀን ላኩና «በኅዳር 24 ደብዳቤ ተራ ቁጥር 1 ላይ የተጠየቀው ተፈጽሟል» ብላችሁ በጽሑፍ አረጋግጡላቸው።